ለመጀመሪያ ደመወዝተኛው ወንድሜ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። እማዬ ወሬውን ለጎረቤት አዳርሳ ስለጨረሰች፣ ደመወዝህ አስራ አምስት ሺህ ብር መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሰፈሩ የሚያውቀው ቁጥር ግን እጅህ የሚገባው አይደለም። እኔ በየወሩ የሰው ደመወዝ የምሠራ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና፣ አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ «ተሳስታችኋል መሰለኝ» እያለ ቢሮዬ ሲገባ ማየት ለምጃለሁ። አልተሳሳትንም። እሱ በውሉ ላይ በተጻፈው ብር ቤት ተከራይቷል፣ በዱቤም ስልክ ገዝቷል።

የአንተን ልሥራልህ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከደመወዝህ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለውም። ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ከ15 ከመቶ እየጀመረ ይወጣና፣ ከ14,000 በላይ ያለው ብቻ 35 ከመቶ ይከፈልበታል። ሰው «ሠላሳ አምስት ከመቶ ወሰዱብኝ» ሲል የምትሰማው እዚህ ላይ ነው። አንተ 35 ከመቶ የምትከፍለው በመጨረሻዋ አንድ ሺህ ብር ላይ ብቻ ነው። ሁሉም ሲደመር ግብርህ 3,200 ብር ይሆናል። ለጡረታ ደግሞ 7 ከመቶ፣ ማለትም 1,050 ብር ይቆረጣል። የሚቀርህ 10,750 ብር ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲጠይቅህ የፈለግከውን በል፤ ለራስህ ግን ደመወዝህ 10,750 ነው።

ስለ ጡረታው አንድ ነገር ልጨምር፤ ወጣት ሁሉ ይዘለዋል። ያንተ 1,050 ብር ብቻውን አይደለም፤ አሠሪህ 11 ከመቶ፣ 1,650 ብር ይጨምርበታል። የጡረታ መለያ ቁጥርህን ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቅና ያዘው። ቁጥር የለህም ማለት ገንዘቡ እየተቆረጠ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም ማለት ነው፤ ሥራ ስትቀይርም አገልግሎትህ እንዲያያዝልህ የምታሳየው እሱን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ደመወዝ በገባ ቀን፣ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ፣ ሦስት ነገር ይውጣ፦ ለእማዬ 1,000፣ ለእቁብ 1,000፣ ለክፉ ቀን 500። የእማዬን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ብታኮርፍም አልቀንስልህም። ቁርጥ ያለ መሆኑ ግን ለአንተም ይጠቅማል። በየሳምንቱ ሁለት መቶ ሦስት መቶ የሚልክ ልጅ ወር ሲያልቅ ምን ያህል እንደሰጠ አያውቅም፣ ቤተሰቡም ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም። ከዚያ የቤት ኪራይ ድርሻህን 3,000 ስትከፍል 5,250 ይቀርሃል። ለ30 ቀን ስታካፍለው በቀን 175 ብር ነው። በአዲስ አበባ ይህ አያንደላቅቅም፤ ምሳ መሥሪያ ቤት ባይሰጥህ ኖሮ ይህን ዕቅድ አልጽፍልህም ነበር።

እቁብን ከባንክ ያስቀደምኩት በወለዱ አይደለም፣ ወለድ የለውም። ባንክ ያለን ገንዘብ በስልክህ ሁለት ጊዜ ነክተህ ታወጣዋለህ፤ እቁብ ላይ ግን ዳኛው ይደውልልሃል፣ ስምህ በመዝገብ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል። የሚያስቆጥብህ ሐፍረቱ ነው። አሥራ ሁለት ሆናችሁ በወር አንድ አንድ ሺህ ብትጥሉ፣ በየወሩ አንድ ሰው 12,000 ያነሳል። ዕጣው በሁለተኛው ወር ከደረሰህ ያለ ወለድ ተበደርክ ማለት ነው፤ በአሥራ ሁለተኛው ከደረሰህ ደግሞ ለሌሎቹ ያለ ወለድ ስታበድር ከረምክ፤ ገበያውም በዚያ መሀል ሳይጨምር አይቀርም። ስለዚህ እቁብን ሀብት ማከማቻ አታድርገው። ገንዘቡን ካነሳህ በኋላ ምን እንደምትገዛበት ሳታውቅ አትግባ። ለአንተ ላፕቶፕ ይሁን።

የምትገባበትንም ምረጥ። ሁሉም አባል የሚተዋወቅበት፣ ቀድሞ ያነሳ ሰው ዋስ የሚጠራበት፣ መዝገቡ ለጠየቀ ሁሉ የሚከፈትበት ይሁን። ያነሳ ሰው «ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ሳምንት» ከተባለ አንድ ሰው መጣል አቁሟል ማለት ነው፤ ያኔ ዳኛውን በግልጽ ጠይቅ። ከጣልከው በላይ ታነሳለህ የሚልህ ካለ ደግሞ ያ እቁብ አይደለም፤ ሽሽ።

አምስት መቶዋን ብዙ ሰው ይንቃታል። ከሕዳር እስከ ነሐሴ አሥር ደመወዝ ትቀበላለህ፤ 5,000 ብር ትሆናለች። ከነሐሴ በኋላ የሚመጣውን ታውቃለህ፦ ጳጉሜን ደመወዝ የለውም። የነሐሴው ገንዘብ 35 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴም 36 ቀን መድረስ አለበት፤ እንቁጣጣሽም በመሀሉ ነው፣ የመስከረሙ ሳይገባ መስቀል ይከተላል። ያ 5,250 ለ35 ቀን ሲካፈል በቀን 150 ብር ነው፤ በዓሉ ሳይቆጠር። መሥሪያ ቤት ውስጥ ብድር የሚጦፈው በመስከረም መጀመሪያ መሆኑን ከወረቀቱ አያለሁ፤ በቴሌብር የሚበደረውም ያኔ ይበዛል ብዬ እጠረጥራለሁ። በዚያ ወቅት የተበደረ ሰው የጥቅምትን ደመወዝ በመስከረም በልቷል፤ አንዳንዱ እስከ ገና አይወጣበትም።

ጭማሪ ሲመጣም ያው ሂሳብ ይሠራል። ሁለት ሺህ ብር ጨመሩልህ ቢባል 35 ከመቶው ለግብር፣ 7ቱ ለጡረታ ሄዶ እጅህ የሚገባው 1,160 ነው። ጓደኞችህን ከመጋበዝህ በፊት ይህን አስብ።

የቀረው ዋስትና ነው፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ሲባል ነው ማለት እችላለሁ። ቋሚ ደመወዝ እንዳለህ የሚያውቅ ሰው በዝቷል። አንድ ቀን የሰፈር ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ነው፣ «ከመሥሪያ ቤትህ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፍልኝና ፈርምልኝ፣ ለደንቡ ነው» ይልሃል። ለደንቡ አይደለም። ልጁ ገንዘብ ቢያጎድል ቀጣሪው አንተን ይከሳል። ውሉ ላይ ዋሱ ከዋናው ባለዕዳ ጋር «በአንድነትና በነጠላ» ኃላፊ ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ መጀመሪያ እሱን ፈልጉት ማለት አትችልም፤ በቀጥታ ወደ አንተ ይመጣሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በቁጥር 1922፣ የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን መግለጽ አለበት፤ ካልገለጸ አይጸናም። ስለዚህ ወረቀቱ ሲቀርብልህ መጀመሪያ የምትፈልገው ያንን ቁጥር ነው። ስድሳ ሺህ ቢል፣ ከአምስት ወር ተኩል በላይ የተጣራ ደመወዝህ ነው። ያንን ገንዘብ ለዚያ ሰው በስጦታ ትሰጠው ነበር? ካልሆነ አትፈርም።

እምቢ ማለት እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ የአባዬን ፊት ወርሰሃል። በእኔ አሳብበው። «እህቴን ሳላማክር አልፈርምም» በልና ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ። ክፉዋ እኔ ልሁን።

እህትህ