ይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላ ገንዘብ ማውጣት ለምን ይታገዳል?

በባሕር ዳር ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት በበይነ መረብ ለውጭ ደንበኛ የሠራበትን 150 ዩኤስዲቲ በክሪፕቶ መገበያያ መተግበሪያ አስቀምጧል እንበል። ገንዘቡን መርዓዊ አካባቢ ለሚኖሩት አባቱ ለማዳበሪያ መግዣ ሊልክ አስቧል። አባቱ ክፍያውን እስከ ቅዳሜ ቀን 6 ሰዓት ድረስ መፈጸም አለባቸው። ኀሙስ ምሽት የወጣቱ ስልክ ይሰበራል። ሌላ ስልክ ገዝቶ መተግበሪያውን ይጭናል፤ ይለፍ ቃሉን ስለረሳ በኢሜይል አዲስ ያወጣል። ገንዘቡን ሊያወጣ ሲል ግን ለ24 ሰዓት መታገዱን የሚገልጽ መልዕክት ይገጥመዋል። ቀሪ ሂሳቡ በግልጽ ይታያል፤ ማውጣት ግን አይቻልም።

ይህ ብልሽት አይደለም። እንደ ባይናንስ ያሉ ታላላቅ መገበያያዎች ይለፍ ቃል ሲቀየር ገንዘብ ማውጣትንና ከግለሰብ ለግለሰብ መሸጥን አብዛኛውን ጊዜ ለ24 ሰዓት ያግዳሉ። ሁለተኛው የማረጋገጫ ኮድ እንደ አዲስ ሲተካ እገዳው ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ከዚህ ቀደም ካልታወቀ ስልክ ወይም ኮምፒውተር መግባትም በአንዳንዶቹ ዘንድ ተመሳሳይ እገዳ ያስከትላል።

ምክንያቱ የሌባው አካሄድ ነው። የሰው ኢሜይል የሰረቀ ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው ይለፍ ቃሉን መቀየር፣ ከራሱ ስልክ መግባትና ገንዘቡን ወደ ራሱ አድራሻ መላክ ነው። ወጣቱ ኀሙስ ምሽት ያደረገውም ከመጨረሻው እርምጃ በስተቀር ያንኑ ነው፤ መገበያያው ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። በባንክ የተሳሳተ ዝውውር ቢኖር ቅርንጫፉ ጋር ሄዶ ማመልከት ይቻላል። ክሪፕቶ ግን አንድ ጊዜ ከወጣ ላኪው ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ እገዳው ትክክለኛው ባለቤት የማስጠንቀቂያ ኢሜይሉን አይቶ እንዲደርስ ፋታ ይሰጣል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ወጣቱ ይለፍ ቃሉን የቀየረው ኀሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነበርና እገዳው የሚነሣው ዓርብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በኢሜይሉ ላይ ግን ሰዓቱ 18:00 UTC ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህን የፈረንጅ ሰዓት አድርጎ ያነበበ ሰው እገዳው ዓርብ ምሽት 12 ሰዓት ያበቃል ብሎ ይጠብቃል። በ UTC የተጻፈውን ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ለመቀየር 3 ሰዓት መደመር፣ ከዚያም እንደ አገራችን አቆጣጠር 6 መቀነስ፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 መቀነስ፣ ከ1 ካነሰ 12 መደመር ያስፈልጋል።

ወጣቱ ይህን ሳያውቅ ትዕግሥት አጥቶ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ይለፍ ቃሉን ድጋሚ ቢቀይር ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። እገዳው እስከ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ይዘልቃል፤ የአባቱ የክፍያ ጊዜ ደግሞ አራት ሰዓት ቀድሞ አልፏል። ምንም ሳይነካ ቢጠብቅ ኖሮ ዓርብ ሌሊት ይደርስለት ነበር። ስልኩ የተሰበረ ሰው ምርጫ የለውም፤ በፈቃዱ ስልክ ወይም ይለፍ ቃል የሚቀይር ሰው ግን የሚያስፈልገውን ገንዘብ አስቀድሞ ማውጣት ይችላል።

ከመዘግየቱ የሚከፋው በመካከል የሚመጣው ሰው ነው። ችግሩን በቴሌግራም ቡድን የጻፈ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ የመገበያያው ሠራተኛ ነኝ የሚል የግል መልዕክት ሊደርሰው ይችላል። እገዳውን ለማስነሣት 20 ዩኤስዲቲ ላክ፣ ወይም በስልክህ የገባውን ኮድ ንገረኝ ይለዋል። እውነተኛው እገዳ ክፍያ አይጠይቅም፤ ሰዓቱ ሲሞላ በራሱ ይነሣል። ኮዱን የሰጠ ሰው ግን እገዳው ሊጠብቅለት የነበረውን በር በገዛ እጁ ከፈተ ማለት ነው። ግብር ወይም ዋስትና ካላስያዛችሁ ገንዘቡ አይለቀቅም የሚል መተግበሪያም ከመጀመሪያው የማጭበርበሪያ ሊኾን ይችላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በአገር ውስጥ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መኾኑን በመግለጽ በክሪፕቶ ስለሚደረግ ግብይት አስጠንቅቋል። በመኾኑም ገንዘቡን ያጣ ሰው አቤት የሚልበት ቦታ ጠባብ ነው።

ይለፍ ቃሉን ሳይቀይር ተቀይሯል የሚል መልዕክት የደረሰው ሰው ጉዳይ ደግሞ የተለየ ነው። ለእርሱ 24ቱ ሰዓታት የማዳኛ ጊዜ ናቸው። በኢሜይሉ ውስጥ ያለው ማስፈንጠሪያ ሐሰተኛ ሊኾን ስለሚችል እርሱን መጫን ትቶ መተግበሪያውን ራሱን ከፍቶ መግባት፣ ሒሳቡን ማገድና የማያውቃቸውን ስልኮች ከመሣሪያዎች ዝርዝር ማስወጣት ይኖርበታል። ከዚያ የኢሜይሉን ይለፍ ቃል መቀየር አለበት፤ ሌባው የገባው በዚያ በኩል ከኾነ ኢሜይሉ ሳይዘጋ የሚቀየር የመገበያያ ይለፍ ቃል በማግስቱ ተመልሶ ይሰረቃል።