ለቀድሞ አሠሪ የሚጻፍ ደብዳቤ ምን ይጠይቅ?

አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ የመጋዘን ሠራተኛ ሊቀጥር ነው እንበል። ፈተናውን ያለፈው ወጣት ከዚህ በፊት የት እንደሠራ ተናግሯል። አስመጪውም ለቀድሞ አሠሪው ደብዳቤ ይጽፋል፦ «ጠባዩ እንዴት ነው? የየት አካባቢ ሰው ነው? ትዳር አለው? ጤንነቱስ? ታማኝ ነው?» አምስት ጥያቄ ተጠየቀ፤ ስለ ዕቃ ቆጠራ ግን አንድም ቃል አልተነሣም።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። መልሱ «ጥሩ ልጅ ነው» ከሆነ ቀጣሪው ምንም አላወቀም። መልሱ ስለ ወጣቱ ብሔር፣ ሃይማኖት ወይም ሕመም ከሆነ ደግሞ ማወቅ የማይገባውን አወቀ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ሰውየው ሳይቀጠር ቢቀር፣ ያ መረጃ በውሳኔው ውስጥ እጁ እንደሌለበት ማስረዳት ከባድ ነው።

ያው አዋጅ አሠሪው ሠራተኛው ሲለቅ ወይም ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የሥራ ልምድ ማስረጃ የምንለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ወረቀቱ ላይ ያለውን ደግሞ ከመጠየቅ ይልቅ ወረቀቱ ካቆመበት ይጀምር።

አጻጻፉ ከሥራ ዝርዝሩ ይነሣል። የመጋዘን ሠራተኛ ገቢ ዕቃ ቆጥሮ ይረከባል፤ ቢን ካርድ ላይ ይመዘግባል፤ የተፈረመ መጠየቂያ ሲቀርብለት ወጪ ያደርጋል፤ በቆጠራ ጊዜ በእጁ ያለውን ያሳያል። እያንዳንዱን ጥያቄ «ይህ የትኛውን ሥራ ይመለከታል?» ብለን እንፈትነው። «ትዳር አለው?» እና «የየት አካባቢ ሰው ነው?» ወዲያው ይወድቃሉ፤ የሚተካቸውም አያስፈልግም።

«ታማኝ ነው?» የሚለው ግን ከሥሩ እውነተኛ ስጋት አለ፤ ስለዚህ ይለወጥ እንጂ አይጣል። ታማኝነትን የቀድሞ አሠሪ በልቡ ይገምታል፤ ጉድለትን ግን ከመዝገብ ያነባል። ሆኖም ጉድለት ብቻውን ሰው አይወቅስም፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ሦስት ሰው ይይዝ ከነበረ ታሪኩ ሌላ ነው። ጥያቄው ይህንንም ማካተት አለበት።

«ጤንነቱስ?» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቀጣሪው የፈራው ሠራተኛው እንዳይቀር ከሆነ፣ ያለ ፈቃድ ስለመቅረት ይጠይቅ፤ የሕመም ፈቃድ የሠራተኛው መብት ነውና አይቆጠርበትም። 50 ኪሎ የሚመዝን የሲሚንቶ ከረጢት ማንሳት ግድ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይህን እንደሚጠይቅ ለአመልካቹ ለራሱ ይነገረው፤ የቀድሞ አሠሪው ሐኪም አይደለም።

የተስተካከለው ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ ስለ ሥራ አፈጻጸም መረጃ መጠየቅ። አመልካቹ በድርጅታችሁ በመጋዘን ሠራተኛነት ማገልገላቸውን ገልጸው መረጃ እንድንጠይቅ በጽሑፍ ፈቅደዋል፤ ቅጂው ተያይዟል። ከመዝገብ ወይም በቅርብ ኃላፊያቸው ከታየው ብቻ እንድትመልሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።
1. ዕቃ የመረከብ፣ የመመዝገብና ወጪ የማድረግ ሥራ ሠርተዋል?
2. በእርሳቸው ኃላፊነት ጊዜ በተደረገ ቆጠራ ጉድለት ተገኝቷል? ከተገኘ የመጋዘኑን ቁልፍ ስንት ሰው ይይዝ ነበር? ጉዳዩስ እንዴት ተቋጨ?
3. ያልተፈረመ መጠየቂያ ቀርቦላቸው ያውቃል? ምን አደረጉ?
4. ያለ ፈቃድ በመቅረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል?
5. ሲለቁ ርክክብ በወቅቱ ፈጽመዋል?
ከሥራው ጋር ያልተያያዘ የግል መረጃ እንዳትልኩልን እናሳስባለን።»

ለመጨረሻው ዙር ያለፉ አመልካቾች ሁሉ በነዚሁ ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ አለዚያ መልሶቹን ማወዳደር አይቻልም። አመልካቹ አሁንም እዚያው የሚሠራ ከሆነ፣ ቅጥሩ ከመወሰኑ በፊት ደብዳቤ መላክ እንጀራውን ሊያሳጣው ይችላል፤ ፈቃዱን ሳያገኙ አይላክ። ያልተጠየቀ የግል ወሬ ከመጣ ደግሞ ለወሳኞቹ አይተላለፍ።

የቀድሞ አሠሪው ጨርሶ ላይመልስም ይችላል። ብዙ ድርጅቶች ከምስክር ወረቀቱ ሌላ ምንም አይጽፉም፤ ዝምታቸው በአመልካቹ ላይ የተሰጠ ምስክርነት ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

መልስ ሲመጣ ግን ልዩነቱ ይታያል። «ሁለት ጊዜ ጉድለት ነበር፤ ቁልፉን ሦስት ሰው ይይዝ ነበር፤ የመጀመሪያውን ራሱ አግኝቶ አመለከተ» የሚል መልስ ከደረሰው፣ አስመጪው ስለ ወጣቱ ቤተሰብና ትውልድ አንዳች ሳያውቅ መጋዘኑን ሊያስረክበው ይችል እንደሆነ መወሰን ይችላል።