ከመጋረጃው ወዲያ

ይህን የማወራችሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። የክሊኒክ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የምታገኙት ነገር አይደለም።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ስሠራ፣ እንጀራዬ ሰው ሲተኛ ማየት ነበር። ታካሚው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል። አፍንጫው ሥር ቀጭን ቱቦ፣ ደረቱና ሆዱ ላይ ቀበቶ፣ ጣቱ ላይ ኦክስጅን የሚለካውን መቆንጠጫ አደርግለታለሁ። መብራቱን አጠፋና ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጬ መስመሮቹን በስክሪን ላይ እያየሁ አነጋለሁ።

ከብዙዎቹ አንድ ሰው ልምረጥ፤ ማንነቱን የሚያስለይ ነገር ቀይሬአለሁ። የጎንደር ሰው ነው፤ ከመተማ በገዳሪፍ ካርቱም የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር። ዕድሜው 48፣ ክብደቱ 118 ኪሎ፣ የሸሚዙ አንገት አልቆለፍ ብሎታል። ሰፈር ውስጥ የሚያገኘው ሐበሻ ሁሉ «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል!» ይለዋል። ማንኮራፋቱንም የጥጋብ እንቅልፍ አድርገው ነው የሚያዩት። ወደኛ ያመጣችው ግን ሚስቱ ናት። እሱ መታወቂያውን ሲያስመዘግብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ልጄ፣ የሚያስፈራኝ ማንኮራፋቱ አይደለም፤ ዝም ሲል ነው» አለችኝ። በዚያ ክፍል በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ከዚህ የተሻለ የበሽታ መግለጫ አልሰማሁም።

እውነትም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዝምታው ነው። የአፍንጫው መስመር እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ሲል ይቆይና በድንገት ቀጥ ይላል፤ አየር አይገባም፣ አይወጣም። የደረቱና የሆዱ ቀበቶዎች ግን መንቀሳቀሳቸውን አይተዉም። ሰውየው ሊተነፍስ እየታገለ ነው፤ የተዘጋው ጉሮሮው ነው። አሥር ሰከንድ ካለፈ እንደ አንድ የትንፋሽ መቋረጥ እንቆጥረዋለን። እሱ ሃያ፣ ሠላሳ ሰከንድ ይሄድ ነበር። ኦክስጅኑ ትንሽ ዘግይቶ ማሽቆልቆል ይጀምራል፤ አንጎሉ ይደነግጣል፣ ልቡ ይዘላል፣ በታላቅ ማንኮራፋት ትንፋሹ ይመለሳል። ከዚያ እንደገና ዝም። በስድስት ሰዓት እንቅልፍ 252 ጊዜ ቆጠርኩ፤ በሰዓት 42 ማለት ነው። በሰዓት ከ5 በታች ጤና ነው፤ ከ30 በላይ ከባድ እንለዋለን። ኦክስጅኑ እስከ 71 በመቶ ወርዶ ነበር። ጠዋት ስቀሰቅሰው «ደህና ተኛሁ፤ ራሴን ብቻ ይመታኛል» አለኝ። 252 ጊዜ መቀስቀሱን አንዱንም አያስታውስም። ይህ ሰው ነው ከገዳሪፍ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከባድ መኪና ይዞ የሚመጣው። አንድ ሁለት ጊዜ ከአስፋልት ወጥቶ አሸዋ ላይ እንደነቃ የነገረኝ ቆይቶ፣ ሲለምደኝ ነው።

ክብደቱ እዚህ ውስጥ ምን ሠራ? ሰው ስብን ሆድ ላይ ብቻ ያያል። ስብ ግን ምላስ ውስጥም ይገባል፣ የጉሮሮን ግድግዳም ያወፍራል። ስንተኛ ጡንቻ ይላላል፤ የከበደ ምላስ በጀርባ ለተኛ ሰው ወደ ኋላ ይወድቃል። ሆድም በበኩሉ ድያፍራምን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሳንባ ያንሳል። ሳንባ ሲሞላ የአየር ቧንቧን ወደ ታች ስቦ ጉሮሮን ወጥሮ ይይዘው ነበር፤ ያ ውጥረት ሲላላ ጉሮሮው እንደ እርጥብ ጨርቅ ይታጠፋል። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ 690 ሰዎችን ለአራት ዓመት የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ጥናት አለ፤ ክብደቱ 10 በመቶ የጨመረ ሰው መቋረጡ በ32 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 10 በመቶ የቀነሰ ደግሞ በ26 በመቶ ገደማ ይቀንስለታል። ቀጭን ሆኖ መንጋጋው ጠባብ በመሆኑ የሚታመምም አለ፤ ወፍሮም በሰላም የሚተኛ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን መንገዱ ይኸው ነው።

መንገዱ መመለሻም አለው፤ ታካሚውን የሚያሸንፈውም እሱ ነው። ሌሊቱን 252 ጊዜ የተቀሰቀሰ ሰው ቀን ላይ አካሉ እንቅልፍ ያልቀመሰ ያህል ይሆናል። እንቅልፍ የተነፈገ ሰው ላይ ጥጋብን የሚናገረው ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን እንደሚወርድ፣ ረሃብን የሚጠራው ግሬሊን እንደሚወጣ ጤነኛ ወጣቶችን ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ በማስተኛት የተደረገ ሙከራ አሳይቷል። ኦክስጅን ደጋግሞ ሲወርድ ሰውነት የጭንቀት ሆርሞን ይረጫል፤ ኢንሱሊን ሥራው ይከብደዋል። የደከመ ሰው ደግሞ አይራመድም።

ሾፌራችን ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ይታይ ነበር። ካርቱምን የሚያውቅ ሰው በየጥላው ሥር ያሉትን ሻይ የሚያፈሉ ሴቶች ያውቃል፤ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ነበሩ። እሱ እንቅልፍ ለማባረር በቀን አሥር ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፤ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፤ በቀን 120 ግራም፣ ወደ 480 ካሎሪ። ቁጭ ብሎ ከተበላ ምግብ አይቆጥረውም። «ሻይ እኮ ነው» ይላል። ሐኪሙ «ምግብ ቀንስ» ሲለው እንጀራውን ቀነሰ፤ ሻዩን ግን አልነካውም፤ ሻዩን ከነካ መኪናው ላይ ይተኛላ! ሰነፍ አልነበረም። የማይቀንሰው ሌሊት ስለሚታነቅ ነው።

እንግዲህ ወደ ሹክሹክታው ልግባ። ሕክምናው ሲፓፕ የሚባል ማሽን ነው፤ በማስክ በኩል አየር እየነፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ከውስጥ ይደግፋል። ኮሊን ሱሊቫን የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ሲድኒ ላይ ነው በሰው ላይ መሥራቱን ያሳተመው። ሾፌራችን በ12 ግፊት ላይ ሲተኛ መቋረጡ ከ42 ወደ 4 ወረደ። በሁለተኛው ጠዋት ፊቱ ሌላ ሰው ሆነ፤ ራስ ምታቱ ጠፋ፤ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት መነሣቱ ቆመ። ሁላችንም ደስ አለን። ብዙ ጊዜ ያኔ ለታካሚው የሚባለው «አሁን በደንብ ስለምትተኛ ክብደትህም ይቀንሳል» ነው።

አይቀንስም። በራሱ አይቀንስም። ሦስት ወር ቆይቶ ሲመዘን 120 ኪሎ ነበር። በጥናቶችም ሲፓፕ ብቻውን የተሰጣቸው ሰዎች በአማካይ ከግማሽ ኪሎ በታች ጨምረዋል፤ ትንሽ ናት፣ ግን ወደ ተጠበቀው አቅጣጫ አልሄደችም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ያ ሁሉ የሌሊት ትግል ጉልበት ይበላ ነበር፤ ደረት እንደ ወናፍ ሲታገል ያድር ነበር። ትግሉ ሲቆም የሚቃጠለው ያንሳል፤ የሚበላው ግን እንደነበረው ነው። ይህን ሳንነግረው ስለላክነው ሰውየው ተቀየመን፤ «ማሽኑ አወፈረኝ» ብሎ ሊመልሰው ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ታዲያ አንዱን ማከም ሌላውን ይረዳል የሚባለው ውሸት ነው? አይደለም፤ የሚረዳው ግን በር በመክፈት ነው፤ ገብቶ መራመድ የታካሚው ፈንታ ነው። ማሽኑ ለሾፌሩ የሰጠው ሻዩን የመቀነስ አቅም ነው። መኪና ላይ እንቅልፍ ስለማያንገላታው ስኳሩን ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ፣ ብርጭቆውን ከአሥር ወደ አራት አወረደ። እኩለ ሌሊት ላይ ይበላ የነበረውን እራት ወደ ማታ አንድ ሰዓት አመጣ። ፀሐይ ስትበርድ ዓባይ ዳር መራመድ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት «ጉልበቴ» ብሎ አንድ ፌርማታ አይሄድም ነበር። በአሥር ወር ከ118 ወደ 105 ኪሎ ገባ።

ያኔ ሁለተኛው ስሕተት መጣ። «ድኛለሁ» ብሎ ማሽኑን ለሰው ሊሸጥ አሰበ። አንድ ሌሊት ያለ ማስክ ተኝቶ እንዲታይ ለመንኩት። በሰዓት 27 ወጣ። ከ42 ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከባድ ከሚባለውም ወጥቷል፤ ግን አሁንም ሊነዳ የማይገባው ቁጥር ነው። ማሽኑ አልቀረለትም፤ የተለወጠው የሚያስፈልገው ግፊት ነው፤ 12 ስለበዛበት አየሩ በማስኩ ጠርዝ እያፏጨ ዓይኑን ያደርቀው፣ ሆዱንም ይነፋው ነበር። 9 በቃው። ክብደት የቀነሰ ሰው ማሽኑ «አላስተኛ አለኝ» ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ እኛ ጋ ግን ብዙዎቹ ማሽኑን ጥግ ካስቀመጡ በኋላ ነበር የሚነግሩን።

አሁን ቲርዜፓታይድ የሚባል ክብደት የሚቀንስ መርፌ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ጥናት ወፍራም ሆነው የትንፋሽ መቋረጥ ያለባቸው ሰዎች በዓመት ውስጥ በሰዓት 25 ያህል መቋረጥ ቀንሶላቸዋል፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ለዚህ በሽታ ፈቀደችው። ትልቅ ነገር ነው። ግን እዚያም ሁሉም ሰው ነፃ አልወጣም፤ መርፌ የወሰደም ሰው እንደገና መለካት አለበት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተኩስ ሲከፈት የሁላችንም ነገር ተበተነ። መብራት ጠፋ። ማሽኑ ያለ ኤሌክትሪክ ሳጥን ነው፤ በሽታው ደግሞ ማስክ በወለቀ በዚያው ሌሊት ይመለሳል። ሾፌሩ ከመኪናው ባትሪ በኢንቨርተር አገናኘው፤ የማርጠቢያውን ሙቀት አጠፋው፣ ብዙ ኃይል የሚበላው እሱ ነውና። ባትሪ ባለቀ ሌሊት ሚስቱ ካናቴራው ጀርባ ላይ የካልሲ ኳስ ሰፍታለት በጎኑ ተኛ። የገመድ አልጋ መሐሉ ስለሚሰረጉድ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፉ። ሸሽተው መተማ ሲደርሱ ስልክ ደወለልኝ፤ «ሌሊት እየተነፈስኩ ነው» አለኝ። ያ 13 ኪሎ ባይወርድ ኖሮ፣ በጎን መተኛት ብቻውን የሚያድነው አይመስለኝም።

አጠገባችሁ የሚያንኮራፋ ሰው ካለ፣ ዛሬ ማታ ድምፁን አትስሙ፤ ዝምታውን ስሙ። ዝም ሲል ቁጠሩ። አሥር ላይ ስትደርሱ አሁንም ካልተነፈሰ፣ ደረቱ ግን እየታገለ ከሆነ፣ በስልካችሁ ሁለት ደቂቃ ቅረጹትና ቪዲዮውን ለሐኪም አሳዩ። ሾፌር ከሆነ እስኪታይ ድረስ ቁልፉን ውሰዱበት።