ሦስት ደመወዝ፣ አንድ ኪራይ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው አብረው የሚኖሩ ሦስት ሴቶችን እንውሰድ። አንዷ የአፀደ ሕፃናት መምህርት ናት፤ በወር እጇ የሚገባው 9,000 ብር ነው። ሁለተኛዋ ነርስ ናት፤ 15,000 ታገኛለች። ሦስተኛዋ የሶፍትዌር ባለሙያ ስትሆን 24,000 ይከፈላታል። ኪራዩ 16,000 ብር ነው። መብራቱ፣ ውሃው፣ ኢንተርኔቱ፣ የጥበቃና የጽዳት መዋጮው እንዲሁም አስቤዛው ተደምሮ 6,400 መጣ እንበል። የወሩ የጋራ ወጪ 22,400 ብር ይሆናል።

ብዙ ቤት ውስጥ እንደሚደረገው ለሦስት እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዷ 7,467 ብር ይደርሳታል። መምህርቷ ከፍላ ስትጨርስ 1,533 ብር ይቀራታል፤ ታክሲው፣ ልብሱ፣ ሕክምናው፣ ለእናቷ የምትልከው ሁሉ ከዚህች ገንዘብ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያዋ ደግሞ 16,533 ብር ይዛ ትወጣለች። ሒሳቡ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን በዚህ አከፋፈል መምህርቷ ከጥቂት ወር በኋላ ብድር ውስጥ ትገባለች ወይም ቤቱን ትለቃለች።

ሌላው መንገድ በገቢ መጠን መካፈል ነው። የሦስቱ ገቢ 9፣ 15 እና 24 ሺህ ስለሆነ እያንዳንዱን ለ3 ብናካፍለው 3፣ 5 እና 8 ይሆናል፤ ድምሩ 16 ነው። ወጪው 22,400 ለ16 ሲካፈል የአንዱ እጅ 1,400 ብር ይመጣል። ስለዚህ መምህርቷ 4,200፣ ነርሷ 7,000፣ ባለሙያዋ 11,200 ይከፍላሉ። ሦስቱም ከገቢያቸው ተመሳሳይ ድርሻ፣ ማለትም ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረውን፣ ለቤቱ አወጡ ማለት ነው። መምህርቷ አሁን 4,800 ብር ይቀራታል።

እዚህ ላይ «ገቢ» የሚባለው የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት ጠብ ይነሳል። መነሻው የሥራ ግብርና የ7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ከተቀነሰ በኋላ ባንክ የሚገባው ገንዘብ ይሁን። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ እሱም ይቀነስ፤ ፈልጎ የሚከፍለው አይደለምና። ዕቁብ ግን አይቀነስም፤ ዕቁብ ዞሮ የሚመጣ የራስ ገንዘብ ነው። የትርፍ ሰዓትና የአዳር ክፍያ ያላት ነርስ ወር በወር ገቢዋ ስለሚለዋወጥ የሦስት ወር አማካይ መውሰድ ይሻላል። ለቤተሰብ የሚላከው አከራካሪ ነው። እኔ ከሒሳቡ ውጭ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የማን ቤተሰብ ይበልጥ ተቸገረ ወደሚል ክርክር ይወስዳል፣ ያንን ክርክር ደግሞ ማንም በወዳጅነት አይጨርሰውም።

ይህ አከፋፈል ወሰን አለው። ብዙ የምታገኘዋ ከኪራዩ ብቻ 8,000 ብር ትከፍላለች። በዚያው ሰፈር ስቱዲዮ ቤት በ7,000 የሚገኝ ከሆነ ብቻዋን መኖር ይረክሳታልና አትቆይም። እንዲህ ሲሆን የኪራዩን ግማሽ እኩል፣ ግማሹን በገቢ ማካፈል ያስታርቃል፤ መምህርቷ 4,167፣ ነርሷ 5,167፣ ባለሙያዋ 6,667 ገደማ ይደርሳቸዋል። በተቃራኒው ባለሙያዋ አንዱን መኝታ ክፍል ለብቻዋ ይዛ ሁለቱ በሌላኛው ተደርበው ከሆነ፣ የ8,000ው ብር ጉልህ ክፍል የክፍሉ ዋጋ እንጂ ለጓደኞቿ የተደረገ ውለታ አይደለም። ይህ ሳይነገር ከቀረ፣ ጊዜ ሲያልፍ «እኔ እኮ ነኝ የማኖራችሁ» የሚል ቃል ይወጣል።

የገቢው ስሌት ቢስተካከልም «የጋራ» የተባለው ወጪ በግምት ከተጻፈ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ደረሰኝ መስመር በመስመር መነበብ አለበት። ነርሷ ከሱፐርማርኬት 2,300 ብር የሚል ደረሰኝ ይዛ መጣች እንበል። ዘይት፣ ፓስታ፣ የልብስ ሳሙና፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ በመሃል ደግሞ 400 ብር የሚል የራሷ የፀጉር ቅባት አለ። 400ውን ቀንሳ 1,900 የጋራ ብላ ብትጽፍ ተሳስታለች። በብዙ ደረሰኝ ላይ ከዕቃው ስም አጠገብ ያለው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያልገባበት ነው፤ 15 በመቶው ከታች TAX1 በሚለው መስመር ላይ በአንድነት ይደመራል። እዚህ ደረሰኝ ላይ ዕቃዎቹ 2,000፣ ታክሱ 300 ነው። የቅባቱ እውነተኛ ዋጋ 460 ብር ስለሆነ የጋራው 1,840 ይሆናል። ስልሳ ብር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን የሦስቱም የግል ዕቃ ታክስ ወር ሙሉ በጋራው ላይ ሲጫን ብዙ የግል ዕቃ የምትገዛዋ ሳታውቀው በሌሎቹ ትደጎማለች። ታክስ የማይከፈልበት ዕቃ በዚያው ደረሰኝ ላይ ሊኖር ስለሚችል፣ የዕቃዎቹን ዋጋ ደምሮ 15 በመቶው በየትኛው ላይ እንደተሰላ ማየት ያስፈልጋል።

የደረሰኙ ጽሑፍ በሙቀት የሚታተም ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ሲቆይ ይደበዝዛል። በተገዛበት ዕለት በስልክ ፎቶ ይነሳ። ከጉሊት የተገዛ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከወፍጮ ቤት የመጣ ጤፍ ደረሰኝ የለውም፤ የገዛችው እዚያው ማታ በደብተሩ ላይ ዕቃውን፣ መጠኑንና ዋጋውን ትጻፍ። በቴሌብር ከተከፈለ የሚመጣው መልእክት ገንዘቡን ያረጋግጣል፤ ምን እንደተገዛ ግን አይናገርም።

የካርድ ቆጣሪ መብራት የራሱ ጣጣ አለው። ካርድ የተሞላበት ደረሰኝ የተገዛውን እንጂ የተበላውን አያሳይም። ከሦስቱ አንዷ እንጀራ ጋግራ ለጎረቤት የምትሸጥ ከሆነ ደግሞ ምጣዱ በአማካይ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ሲጋገር 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ምጣዱ ከመሰካቱ በፊትና ከተነቀለ በኋላ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቀሪ ማየትና ልዩነቱን ለጋጋሪዋ መጻፍ ይቻላል። በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሌላ ዕቃ ካለ ልዩነቱ ያንንም ይዞ ይወጣል።

ወሩ ሲያልቅ ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ባለሙያዋ ኪራዩን 16,000 ብር በባንክ ከፍላለች። ነርሷ የጋራ የሆነ 3,900 ብር ደረሰኝ አላት፤ ቅባቱ ወጥቶ 1,840 የሆነው እዚህ ውስጥ ተደምሯል። መምህርቷ የመብራት ካርዱን፣ ውሃውን፣ ኢንተርኔቱንና መዋጮውን 2,500 ብር ከፍላለች። መምህርቷ ድርሻዋ 4,200 ስለሆነ 1,700 ይቀርባታል፤ ነርሷ ከ7,000ው 3,100 ይቀርባታል። ሁለቱም ለባለሙያዋ ሲልኩላት 4,800 ብር ይሆናል፤ ከ16,000ው ሲቀነስ የእሷ ድርሻ 11,200 ላይ ያርፋል። ሁለት ዝውውር ብቻ ነው፤ ድምሩ ካልገጠመ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ተጽፏል ወይም ተረስቷል ማለት ነው።

አንዷ ለሁለት ሳምንት አገር ቤት ብትሄድ ኪራዩና መዋጮው አይቀነስላትም፤ ክፍሉ ተይዞላታልና። አስቤዛው ግን በቀን ተቆጥሮ ይቀነስላት። ደመወዝ ሲጨመር ወይም ሥራ ሲቋረጥ ቁጥሮቹ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ይስተካከሉ እንጂ ያለፈው አይከለስ።

ከቤቱ የምትወጣ ካለች ሁለት ነገር ይታይላት። አንዱ በካርዱ ላይ የቀረው መብራት ነው፤ በወጣችበት ቀን ቆጣሪው ፎቶ ተነስቶ ከቀሪው ድርሻዋ ይመለስላታል። ሌላው የኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም፤ ሁለት ወርም ቢሆን በእኛ ምሳሌ 32,000 ብር ነው። ሲገቡ ማን ስንት እንዳዋጣች በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፎ ሦስቱም ከፈረሙበት፣ የምትወጣዋ የምትወስደውና በምትኳ የምትገባዋ የምትከፍለው ከዚያው ገጽ ይነበባል።