ሁሉም «አሚን» የሚልበት የመክፈቻ ዱዓ እንዴት ይታረማል?



በአካባቢያችን አንድ ሕዝባዊ ዝግጅት ያለ ምርቃት አይጀመርም። ችግኝ ተከላ ቢሆን፣ የደም ልገሳ ቢሆን፣ የምረቃ በዓል ቢሆን ሽማግሌ ወይም የሃይማኖት አባት ተነሥቶ ይመርቃል፤ ሰዉም ይቀበላል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበርን ብንወስድ፣ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። የዓድዋ ዘማቾችንና ፈረሶቻቸውን በማሰብም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። 23 ደግሞ በቤተ ክርስቲያን የቀን አቆጣጠር የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። ቀኑ የሃይማኖት ትርጉም አለው፤ በዓሉ ግን የሕዝብ ነው፤ ለማየት የሚመጣውም ሰው እምነቱ የተለያየ ነው። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ የሚደረግ ምርቃት ለማን እንደሆነ የሚታወቀው ከቃሉ ነው።

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ለማይነካው ሰው ነው። ከመድረኩ የማያምንበት ቃል ሲነገር በሰልፉ መካከል የቆመ ተማሪ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀርለታል። ወይ ያላመነበትን «አሜን» ይላል፣ ወይ ሁሉ እያየው ዝም ይላል። በአዊ ዞን ብዙኃኑ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ስለሆነ ይህን ምርጫ ብዙ ጊዜ የምናውቀው እኛ ነን። ስለዚህ መድረኩ ለእኛ ሲሰጥ ሌላውን እዚያው ቦታ ላይ እንዳናቆመው መጠንቀቅ የኛ ድርሻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሌላውን ትተን የራሳችንን ረቂቅ እናርማለን።

ለዚህ ሥራ ከሲራ የተሻለ አርዓያ የለንም። በሂጅራ 6ኛው ዓመት በሁደይቢያ ስምምነቱ ሲጻፍ ጸሐፊው ዐሊይ (ረ.ዐ) ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሙሉው ቢስሚላህ እንዲጀመር ባዘዙ ጊዜ የቁረይሾቹ ተወካይ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር «አር-ረሕማን» የሚለውን ስም እንደማያውቀው ተናገረ። ዐረቦች ከድሮ በሚያውቁት «ቢስሚከ አላሁመ» (በስምህ አላህ ሆይ) በሚለው እንዲጀመርም ጠየቀ። ነቢዩም ተቀበሉ። ቀጥሎ «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው ወጥቶ «የዐብደላህ ልጅ» ተባለ። ዐሊይ መሰረዝ ስለከበዳቸው የሰረዙት ነቢዩ ራሳቸው ናቸው። መልእክተኛነታቸው ግን ሌሎቹ ባይቀበሉትም እውነት መሆኑን እዚያው ተናግረዋል።

እርማቱ የተሠራበትን መንገድ ልብ እንበል። ከጋራው ጽሑፍ ሌላው ወገን የማይፈርምበት ቃል ወጣ፤ የተተካው ቃል ግን ለሙስሊሙም ሙሉ በሙሉ እውነት ነበር። ለቁረይሽ ደስታ ተብሎ የጣዖት ስም አልተጨመረም። ከዚህ የምንይዘው ሚዛን አጭር ነው፦ በጋራ መድረክ ላይ መቀነስ ይቻላል፤ ያላመኑበትን መጨመር ግን አይቻልም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በክረምት የችግኝ ተከላ ቀን አለ እንበል። የግቢው ተማሪዎች፣ መምህራንና የአካባቢው ገበሬዎች ይገኛሉ፤ ዝግጅቱን እንዲከፍት የተጠየቀው የኛ ጀመዓ ነው። አንድ ወንድም ረቂቅ ጽፎ አመጣ። ረቂቁ በቢስሚላህና በሰለዋት ይከፍትና እንዲህ ይቀጥላል፦

«አላህ ሆይ፣ ሙስሊሙን ኡማ እርዳ። መንገድ የሳቱትን ቅናቸው። ጠላቶቻችንን አዋርድ። ዝናቡን በልኩ ስጠን፤ የተከልነውን አጽድቅልን። አሁን ሁላችንም እጃችንን አንሥተን ፋቲሓ እንቅራ።»

ከመስጊድ ውስጥ ቢሆን በዚህ ዱዓ የሚከፋ የለም። በተከላው ሜዳ ላይ ግን ዓረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ ይዘን «አጠገቤ የቆመው ክርስቲያን ገበሬ ይህን ሰምቶ ከልቡ አሜን ይላል ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

የመጀመሪያው ስሙ ነው። «አላህ» ለኛ የጌታችን ስም ነው፤ ጎረቤታችን በአማርኛ «እግዚአብሔር» ይላል። ሁለቱም ወገን ሳይጠራጠር የሚለው ቃል «ፈጣሪ» ነው፤ «ፈጣሪያችን ሆይ» ብንል ከእምነታችን የሚጎድል ነገር የለም። ቢስሚላህና ሰለዋቱን ተናጋሪው ከመነሣቱ በፊት ለራሱ ይላቸዋል፤ ማንም አይከለክለውም፣ ማንንም አያስገድድም።

ሁለተኛው «እኛ» የሚለው ቃል ነው። «ሙስሊሙን ኡማ እርዳ» ሲባል ችግኝ ይዞ የመጣው ገበሬ ከዱዓው ውጭ ቀረ። እዚህ «እኛ» ማለት በዚያ ቀን በሜዳው ላይ የቆመው ሁሉ መሆን አለበት። «መንገድ የሳቱትን ቅናቸው» የሚለው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ቃሉ ለራስ ሲሆን ልመና ነው፤ በሌላው ፊት ስለ ሌላው ሲነገር ግን ስድብ ሆኖ ይሰማል። ሂዳያ የምንለምን ከሆነ «ሁላችንንም ወደ ቅኑ ምራን» ማለት ይበቃል፤ እኛም ያስፈልገናልና።

ሦስተኛው «ጠላቶቻችን» ነው። ይህ ቃል በየትኛውም ሃይማኖት ሰው አፍ ቢሆን ከጋራ ምርቃት ውስጥ መውጣት አለበት። ስም ስለማይጠራ እያንዳንዱ አድማጭ በልቡ የራሱን ሰው ያስገባበታል፤ ክልላችን ባለበት ሁኔታ ደግሞ ያ ሰው ማን እንደሚሆን ተናጋሪው ሊቆጣጠረው አይችልም።

አራተኛው ትእዛዙ ነው። «እጃችንን እናንሣ፣ ፋቲሓ እንቅራ» ማለት ሌላውን የኛን ዒባዳ እንዲፈጽም መጠየቅ ነው። ሌላው ወገን «ሁላችሁም አማትቡ» ቢለን ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። በሁለቱም ፋንታ መድረክ መሪው «እያንዳንዳችን በየእምነታችን» ብቻ ቢል ይበቃል። «አሚን» የሚለው ይላል፣ «አሜን» የሚለው ይላል፤ ሁለቱን አንድ ዓይነት ለማድረግ መድከም አያስፈልግም።

የቀረው ዝናቡና ችግኙ ነው፤ ሁሉም የመጣውም ለዚያ ነው። ስለዚህ ያንኑ እናሰፋዋለን፦

«ፈጣሪያችን ሆይ፣ በሰላም እንዳገናኘኸን በሰላም ለየቤታችን አብቃን። ዝናቡን በልኩ አድርግልን። ዛሬ የምንተክለውን ችግኝ አጽድቀው፤ ለልጆቻችን ጥላ፣ ለወፉ ማረፊያ፣ ለገበሬው መጠቀሚያ ይሁን። የታመመውን አሽረው፤ ያዘነውን አጽናናው፤ በመንገድ ያለውን ለናፋቂዎቹ አድርስ። ሁላችንንም ወደ ቅኑ ምራን። ለአገራችን ሰላም አውርድ።»

ይህ በእርጋታ ቢባል አንድ ደቂቃ አይሞላም። በውስጡ አንድ ሙስሊም የማያምንበት ቃል የለም። አንድ ክርስቲያንም የሚዘልለው ቃል አያገኝም።

ከመካከላችን ምንም ዓይነት ጸሎት የማይጸልይ ሰው እንዳለ ከታወቀ አማርኛችን ሌላ በር አለው። ሽማግሎቻችን ሲመርቁ ብዙ ጊዜ «ስጠን፣ አድርግልን» ብለው ብቻ አይናገሩም፤ «ዝናቡ በልኩ ይሁን፣ ችግኙ ይጽደቅ፣ አገሩ ሰላም ይሁን» ይላሉ። ግሱ ሲዞር ልመናው መልካም ምኞት ይሆናል፤ የሚያምነው በልቡ ለፈጣሪው ያደርሰዋል፣ የማያምነውም ምኞቱን ይካፈላል።

እርማቱ የሚበላሽባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው መደባለቅ ነው። ሁሉን ለማስደሰት ተብሎ የየሃይማኖቱ መክፈቻ በአንድ ሰው አፍ ሲደረደር ሙስሊሙ የማያምንበትን ይናገራል፣ ክርስቲያኑም የራሱ ቃል በሌላ አፍ ቀልሎ ይሰማዋል። የሁደይቢያው ሚዛን የሚከለክለው ይህንን ነው። ሁለተኛው ወረቀቱ ታርሞ ሰውየው አለመዘጋጀቱ ነው። ሽማግሌ በቃሉ እንጂ በወረቀት አይመርቅም፤ በአዊኛ ሲመርቅ ደግሞ እኛ በአማርኛ ያረምነው አይደርሰውም። ስለዚህ ቀድሞ ሄዶ በአክብሮት «አባታችን፣ ሰዉ ከየእምነቱ ነውና ሁሉም አሜን እንዲል አድርገው ይመርቁልን» ማለት ከየትኛውም ጽሑፍ ይበልጣል። ቃሉን ለመምረጥ እሳቸው ከኛ የተሻሉ ናቸው።

እርማቱ መሥራቱን ማወቅም አይከብድም። ምርቃቱ ሲባል ጆሯችንን ወደ ሕዝቡ እንጣል። «አሜን» በአንድ ዓረፍተ ነገር ደምቆ በሌላው ከሳሳ፣ የሳሳበት ቦታ ላይ ሰው ከውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ የሚታረመው እሱ ነው።

ወሰንም አለው። የሃይማኖቱን መክፈቻ ሳይጠራ መጸለይ የማይችል አባት ካለ ልናስገድደው አይገባም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የራሳቸውን ጽሑፍ አረሙ እንጂ የሱሀይልን እምነት አላረሙም። በዚህ ጊዜ በአገራችን ትልልቅ መድረኮች እንደሚደረገው የየሃይማኖቱ አባት በየተራ በራሱ ቃል ይጸልያል፤ አድማጩም በራሱ ተራ «አሚን» ይላል፣ በሌላው ተራ በአክብሮት ይቆማል። ጊዜ ካጠረ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት አለ።

ቃል ማረም ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። በካናዳ የሳግኔ ከተማ ምክር ቤት ስብሰባውን የሚከፍትበትን ጸሎት ቃሉን ለውጦ ቀጥሎ ነበር፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ጸሎቱ ይቅር ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ የመንግሥት አካል በሃይማኖት ጉዳይ ገለልተኛ መሆን አለበት የሚል ነበር። የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ስለዚህ ዝግጅቱ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ከሆነ ምርቃቱን እንዴት እናርመው ከማለታችን በፊት ያስፈልጋል ወይ ብለን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሕዝብ በራሱ ፈቃድ በሜዳ ሲሰበሰብ የሚደረገው የሽማግሌ ምርቃት ግን የቆየ ባህላችን ነው፤ እርማቱ የሚጠቅመውም እዚያ ነው።

ከታረመው ዱዓ የወጣው ሁሉ አልጠፋም። ሰለዋቱ፣ ለኡማው የሚደረገው ልመናና ፋቲሓው ከተከላው ስንመለስ በጀመዓችን መካከል በሙሉ ቃላቸው ይደረጋሉ። ወላሁ አዕለም።