ከመቂ ማሳ እስከ ሆቴሉ ወጥ ቤት፦ የአትክልት አቅርቦት ሐሳብ እንዴት ይጻፍ?

አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለሆቴል አትክልት ላቅርብ ብሎ ሲጽፍ ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ገጽ አይሞላም። ሰላምታ፣ የማኅበሩ ታሪክ፣ ከዚያ የዋጋ ዝርዝር። ዝርዝሩ ውስጥ «ቲማቲም፣ ጥራቱን የጠበቀ፣ በኪሎ 52 ብር» የሚል መስመር ይገኛል። የሆቴሉ ግዥ ክፍል ይህን ከሌላ ነጋዴ ፕሮፎርማ ጋር አስተያይቶ ርካሹን ይመርጣል። ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉት ግን ከተስማሙ በኋላ ነው፤ የሚጣሉትም በ52ቱ ብር ሳይሆን ያ መስመር ሳይናገር ባለፈው ነገር ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አቅራቢው መቂ አካባቢ በመስኖ የሚያለማ ማኅበር፣ ገዥው ቢሾፍቱ ያለ መካከለኛ ሆቴል ይሁን። መንገዱ በሞጆ በኩል 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆቴሉ በሳምንት 900 ኪሎ አትክልት ይፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ 300ው ቲማቲም ነው፣ የቀረው ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቃሪያና ሰላጣ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዋጋዎች ለስሌቱ የተቀመጡ ናቸው፤ የዛሬውን ገበያ አይናገሩም።

መጀመሪያ የማቅረቢያው ቀን። ማኅበሩ ማክሰኞና ዓርብ ቢል ጥሩ ምክንያት አለው። የማክሰኞው ጭነት ለረቡዕ ጾም ይደርሳል፤ የዓርቡ ደግሞ ለራሱ ለዓርብ ጾምና ከአዲስ አበባ ለሚወርደው የቅዳሜና እሑድ እንግዳ ይሆናል። ምርቱ ከዋዜማው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በረድ ሲል ተለቅሞ ሌሊት ከተጓዘ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ወጥ ቤት ይገባል። ሆቴሉም ትዕዛዙን ከሁለት ቀን በፊት፣ ማለትም ለማክሰኞ እሑድ፣ ለዓርብ ረቡዕ ማሳወቅ አለበት። ሰላጣ ተቆርጦ ገዥ አይጠብቅም።

የመኪናውም ሒሳብ እዚሁ ይታያል። ለአንድ ጉዞ 3,600 ብር ቢከፈልና 450 ኪሎ ቢጫን በኪሎ 8 ብር ይወጣል። ሆቴሉ እንግዳ ቀንሶብኛል ብሎ 180 ኪሎ ብቻ ቢያዝ ያው ጉዞ በኪሎ 20 ብር ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ጭነት ዝቅተኛ መጠን፣ ለምሳሌ 350 ኪሎ፣ በሐሳቡ ላይ በቁጥር መስፈር ይኖርበታል። ይህን የዘለለ ማኅበር ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ለሆቴሉ እየደጎመ ነው የሚያመላልሰው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ቲማቲም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጥፍ ሊወጣ፣ ከግማሽ በታችም ሊወርድ የሚችል ምርት ነው። በክረምት ዝናቡ የሚያመጣው በሽታ ማሳውን ሲመታው ይወደዳል፤ የብዙ ገበሬ ምርት በአንድ ጊዜ ሲደርስ ይረክሳል። ሽንኩርትም ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ ሲፈለግ ይሰቀላል። «ለሦስት ወር 52 ብር» ብሎ ማሰር እንግዲህ ለማንም አይበጅም። ገበያው ሲወጣ ገበሬው ማሳው ድረስ ለመጣው ደላላ ይሸጣል፤ ሲወርድ ደግሞ ሆቴሉ ከአትክልት ተራ ገዝቶ ማኅበሩን ይረሳዋል። ሁለቱንም አልወቅስም፤ ማንም ኪሱን እያየ ነው የሚሄደው።

የተሻለው ዋጋውን ሳይሆን ዋጋው የሚወጣበትን መንገድ መጻፍ ነው። ሰኞ ጠዋት የሆቴሉ ግዥ ሠራተኛና የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ በአዲስ አበባ አትክልት ተራ ያሉ፣ አስቀድመው የተስማሙባቸውን ሦስት ጅምላ ሻጮች ይጠይቃሉ። 38፣ 40 እና 42 ብር ቢባሉ አማካዩ 40 ነው። በዚያ ላይ 12 ብር ይጨመራል፦ 8ቱ ለመኪና፣ 4ቱ ለመለቀሚያና ለሳጥን። 52 ብር የመጣው ከዚህ ነው፤ ለሳምንቱም ይጸናል። ከዚያ ወለልና ጣሪያ ይበጅለታል፤ ከ30 አይወርድም፣ ከ70 አይበልጥም እንበል። ገበያው 15 ቢገባ ስሌቱ 27 ቢሰጥም ሆቴሉ 30 ይከፍላል። 76 ቢደርስ ስሌቱ 88 ይሆናል፤ ሆቴሉ ግን 70 ነው የሚከፍለው።

ማኅበሩ የሚፈተነው እዚህች 18 ብር ላይ ነው። አባሉ በኪሎ 18 ብር የሚያጣበትን ጭነት በቃል ኪዳን ብቻ አያመጣም። አንዱ መላ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ኪሎ 1 ብር ለመጠባበቂያ ማስቀረት ነው። በሳምንት 900 ብር፣ በ12 ሳምንት 10,800 ብር ይጠራቀማል። 300 ኪሎ ቲማቲም በ18 ብር ሲባዛ 5,400 ነው፤ ስለዚህ መጠባበቂያው የሁለት ሳምንት ጉድለት ይችላል፣ ከዚያ በላይ አይችልም። ለዚህም ነው ሐሳቡ «ገበያው በተከታታይ ሁለት ሳምንት ከጣሪያው ካለፈ ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው ዋጋውን ያሻሽላሉ» የሚል አንቀጽ የሚያስፈልገው። ጣሪያን ያለ መውጫ በር የጻፈ ውል በሦስተኛው ሳምንት ባዶ መኪና ይልካል።

አሁን «ጥራቱን የጠበቀ» የሚለውን እንፍታው። ሼፉ ሁለት ዓይነት ቲማቲም ነው የሚፈልገው። ለሰላጣ ጠጠር ያለ፣ ቢላዋ ሲያርፍበት የማይፈስ፤ ለስጎ ደግሞ በደንብ የቀላ፣ ቅርጹ ቢጣመምም ግድ የማይሰጥ። ሐሳቡ ላይ «ለሰላጣ 180 ኪሎ፦ ከግማሽ በላይ የቀላ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ትል ያልነካው፣ መጠኑ ከእንቁላል የማያንስ፤ ለስጎ 120 ኪሎ፦ ሙሉ ቀይ፣ ቅርጽ አይመረጥም» ተብሎ ቢጻፍ በር ላይ የሚነሣው ክርክር ይቀንሳል። ማኅበሩም ይጠቀማል፤ ስጎ የሚሆነውን ጠማማ ፍሬ በወደቀ ዋጋ አይጥለውም። ኬሚካል ከተረጨ በኋላ መጠበቅ ያለባቸው ቀናት ሳይሞሉ እንዳልተለቀመ የሚገልጽ የርጭት መዝገብም አብሮ ቢመጣ ሼፉ ይወደዋል።

ሚዛኑስ የማን ነው? መቂ ላይ 100 ኪሎ የተመዘነ ቲማቲም በመንገድ ውኃውን ያጣል፤ በእንጨት ሳጥን ከተጫነ ደግሞ የታችኛው ድርድር ይጨፈለቃል። ሆቴሉ የሚከፍለው በራሱ በር ላይ ተመዝኖ ለተቀበለው ብቻ ከሆነ፣ ማኅበሩ ይህን አውቆ ትርፍ መጫን አለበት፤ 100 ለማስረከብ 108 ወይም 110። የፕላስቲክ ሳጥን ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ግን ባዶው ሳጥን ተቆጥሮ በሚቀጥለው ጭነት ካልተመለሰ በዓመቱ መጨረሻ ወጥ ቤቱ ውስጥ የሽንኩርት መደርደሪያ ሆኖ ይቀራል።

ርክክቡ ሹፌሩ ሳይሄድ መጠናቀቅ አለበት። የስቶር ሠራተኛው መዝኖ፣ ሼፉ ወይም ወኪሉ አይቶ፣ የተመለሰው በኪሎና በምክንያት ተጽፎ ሁለቱም ይፈርማሉ። ከፊርማ በኋላ «ተበላሽቷል» የሚል ስልክ አይሠራም፤ ውጪው ደህና ሆኖ ውስጡ ለሚበሰብስ ሽንኩርትና ለሚጠቁር ድንች ብቻ 24 ሰዓት ይፈቀዳል። ሽንኩርት ተቆርጦ ካልታየ በቀር አይታወቅም፤ ልምድ ያለው ተረካቢ ከየጆንያው ሁለት ሦስት ፍሬ አውጥቶ አንገቱን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ለስለስ ካለ ጆንያው ይመለሳል።

የቀረው ክፍያው ነው፤ ማኅበራትን የሚጥለውም በብዛት ይኸው ነው። አማካዩ በኪሎ 42 ብር ቢሆን የሳምንቱ ሒሳብ 37,800 ብር ይደርሳል። ሆቴሉ በ30 ቀን እከፍላለሁ ካለ የአራት ሳምንት 151,200 ብር ውጪ ተቀመጠ ማለት ነው፤ አባሉ ግን የለቃሚውን ቀን ክፍያ የሚፈልገው ያኑ ዕለት ነው። ማኅበሩ ይህን ያህል ገንዘብ ከሌለው ሐሳቡ ላይ ሁለት ምርጫ ያስቀምጥ፦ በ7 ቀን ለሚከፍል ከስሌቱ ዋጋ በኪሎ 2 ብር ቅናሽ፣ በ15 ቀን ለሚከፍል ሙሉ ዋጋ፤ ከ15 ቀን ካለፈ ቀጣዩ ጭነት አይወጣም። ሁለት ብሩ በሳምንት 1,800 ብር ነው፤ ብድር ፍለጋ ከመዞር ይቀላል። ደረሰኙም በየጭነቱ ከርክክብ ወረቀቱ ጋር ተያይዞ ይላክ፤ የሆቴል ሒሳብ ክፍል ደረሰኝ ያልደረሰውን ዕዳ ቀኑን መቁጠር አይጀምርምና።