ከክስ የሚቀድመው ማስጠንቀቂያ

ቤት ለማሠራት ከሥራ ተቋራጭ ጋር የተዋዋለ ሰው፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ የተቀጠረውም ቀን ካለፈ በኋላ ግድግዳው ሳይለሰን፣ በርና መስኮቱም ሳይገጠም ቢያገኘው፣ ልቡ ወደ ፍርድ ቤት ደጅ መቸኮሉ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1772፣ ከከሳሽነት በፊት የሚፈጸም አንድ ሥርዓት ደንግጓል፤ ይኸውም አንዱ ተዋዋይ ሌላው ውሉን አልፈጸመም ብሎ ከመሟገቱ አስቀድሞ፣ ግዴታውን እንዲፈጽም በማስጠንቀቂያ ሊጠይቀው የሚገባ መሆኑ ነው። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ይህንን ሥርዓት ያመጣው ከአገሩ ሕግ ሲሆን፣ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባለመብቱ ዝም እስካለ ድረስ ዝምታው እንደ ትዕግሥትና እንደ ፈቃድ ሊተረጎም ስለሚችል፣ ትዕግሥቱ ያለቀበት ቀን በማያሻማ ቃል መታወቅ አለበት።

ሕጉ ለማስጠንቀቂያው ጥብቅ ፎርም አልሰጠውም፤ በጽሑፍ መጠየቅ ወይም ባለመብቱ ውሉ እንዲፈጸምለት መፈለጉን የሚያሳይ ሌላ ድርጊት ይበቃል ይላል። ሆኖም በቃል የተነገረ ነገር በምስክር አፍ ላይ የሚንጠለጠል ስለሆነ፣ አስተዋይ ሰው ይጽፋል። ጊዜው ሳይደርስ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ግን ዋጋ የለውም፤ ሥራው የካቲት ላይ ሊያልቅ የተዋዋሉ ሰዎች ካሉ፣ በጥር የተላከ ደብዳቤ ያልደረሰ ግዴታን የሚጠይቅ ይሆናልና። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም በቁጥር 1775 ተጠቅሰዋል፤ ከነዚህም መካከል ተቋራጩ አልሠራም ብሎ በጽሑፍ ማስታወቁና፣ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደ ጥፋተኛ ሊቆጠር በውሉ መስማማታቸው ይገኙባቸዋል። እንዲህ ያለ ቃል በውሉ ውስጥ ያለ መስሎት ደብዳቤውን የተወ ሰው፣ ዳኛው ቃሉን በሌላ መንገድ ቢተረጉመው የሚይዘው ነገር የለውምና፣ የሚጠራጠር ሁሉ ቢጽፍ ይሻለዋል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንዲት እመቤት አዲስ አበባ ውስጥ በይዞታቸው ላይ የብሎኬት ቤት ሊያሠሩ፣ በ2,400,000 ብር ዋጋ፣ ሥራው ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ሊያልቅ ተዋውለዋል እንበል። በቅድሚያ 720,000 ብር፣ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ሲለብስ ደግሞ 960,000 ብር ከፍለዋል፤ በእጃቸው የቀረው 720,000 ብር ነው። በውሉ ውስጥ ተቋራጩ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን ከጠቅላላው ዋጋ ከሺህ አንድ፣ ማለት 2,400 ብር፣ መቀጫ እንዲከፍል፣ መቀጫውም ከ240,000 ብር እንዳያልፍ ተጽፏል። ሚያዝያ 10 ቀን ደብዳቤው ሲጻፍ ልስኑ፣ ሊሾው፣ በርና መስኮቱ፣ የመብራትና የውሃው መስመር ገና ናቸው፤ በሳሎኑ በኩል ባለው ቢም ላይም ኮንክሪቱ ተቦርቡሮ ፌሮው ወጥቶ ይታያል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው ብዕሩን የሚያነሣው በቁጣ ነው፤ «አታለሉኝ፣ ቤቴን አበላሹብኝ» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። ይህ ሐዘን እውነተኛ ቢሆንም፣ ደብዳቤው ሁለት አንባቢ እንዳለው አይዘነጋ፤ ዛሬ ተቋራጩ ያነበዋል፣ ነገ ደግሞ ቤቱን አይቶ የማያውቅ ዳኛ ያነበዋል። ለዳኛው የሚጠቅመው የውሉ ቀን፣ የአንቀጹ ቁጥርና ያልተሠራው ነገር ነው። ስለዚህም የእመቤቲቱ ደብዳቤ ጥሰቱን እንዲህ ይገልጸዋል፦ «ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በተፈራረምነው ውል መሠረት ሥራውን ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. አጠናቀው ሊያስረክቡኝ ግዴታ ገብተው ሳለ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ልስኑን፣ ሊሾውን፣ የበርና የመስኮቱን ገጠማ፣ እንዲሁም የመብራትና የውሃውን መስመር አልፈጸሙም፤ የሳሎኑ ቢም ኮንክሪትም በተያያዘው ፎቶግራፍ እንደሚታየው ጉድለት አለበት።» በዚህ ውስጥ ስድብ የለም፣ ግምትም የለም፤ ተቋራጩ ሊክድ ቢሻ የሚክደው የታወቀ ነገር አለ።

የጉድለቱን ነገር በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። ያልተሠራው ነገር ለማንም ይታያል፤ በመጥፎ የተሠራው ግን ባለሙያ ይፈልጋል። እመቤቲቱ ከደብዳቤው በፊት ከተቋራጩ ጋር ግንኙነት የሌለውን መሐንዲስ አምጥተው፣ የተሠራውን እንዲለካ፣ ቢሙንም እንዲመረምርና ሪፖርቱን እንዲፈርም ማድረግ ይኖርባቸዋል። ሌላ ግንበኛ አስገብተው ቢሙን ካስለሰኑት በኋላ ግን ማስረጃው በልስኑ ሥር ይቀበራል፤ በግንባታ ክርክር ብዙ እውነተኛ ከሳሽ የሚረታው በዚህ ዓይነት ነው።

ከጥሰቱ ቀጥሎ የሚመጣው የሚጠየቀው መፍትሔ ነው፤ ደብዳቤው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ «ሥራውን ይጨርሱ፣ ውሉንም አፍርሻለሁ፣ ገንዘቤንም ይመልሱ» ብሎ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል። ሥራው እንዲጠናቀቅ መጠየቅና ውሉን ማፍረስ ግን አብረው አይሄዱም፤ ውሉ የፈረሰበት ተቋራጭ የሚሠራበት ግዴታ አይኖረውም። ተገቢው መንገድ በቅደም ተከተል መጠየቅ ነው፤ በመጀመሪያ ሥራው በተወሰነ ጊዜ እንዲጠናቀቅ፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ውሉ እንዲፈርስና ኪሣራው እንዲከፈል። የዘገየበት መቀጫ ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ ለመዘግየት ብቻ የተወሰነ መቀጫ ስለሆነ፣ ሥራውን ማስጠናቀቅን አይከለክልም። ከጥር 30 እስከ ሚያዝያ 10 ያለው ጊዜ 70 ቀን ነውና፣ እመቤቲቱ እስከ ደብዳቤው ቀን 168,000 ብር መጠየቅ ይችላሉ። በነዚህ ቀናት ለተከራዩት ቤት የከፈሉትን ግን በዚያ ላይ መደረብ አይገባቸውም፤ መቀጫው የመዘግየቱን ኪሣራ አስቀድሞ የወሰነ ነውና፣ ከዚህ በላይ የሚጠየቀው ተቋራጩ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ያጠፋ እንደሆነ ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ ስሌት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይሳታል። መሐንዲሱ የቀረውን ሥራ ለማጠናቀቅና ቢሙን ለማደስ 1,400,000 ብር ያስፈልጋል ቢል፣ ሰው ቶሎ የሚጽፈው ይህንኑ አኃዝ ነው። ነገር ግን እመቤቲቱ ውሉ በደንብ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ 720,000 ብር ይከፍሉ ነበር፤ ያ ገንዘብ እስከ ዛሬ በእጃቸው ነው። ስለዚህ ኪሣራቸው የሁለቱ ልዩነት፣ ማለት 680,000 ብር ነው። ከዚህ በላይ የጠየቀ ደብዳቤ ተቋራጩን በቁጥሩ ላይ እንዲከራከር ያበረታታዋል፤ በቁጥሩ ላይ የተሸነፈ ሰውም በእውነተኛው ነገር ላይ ሊጠረጠር ይችላል።

አሁን ወደ ቀነ ገደቡ እንመጣለን፤ የደብዳቤው ዋነኛ ጉልበት እዚህ ነው። ቁጥር 1774 ባለመብቱ በማስጠንቀቂያው ውስጥ፣ ከዚያ በኋላ አፈጻጸምን የማይቀበልበትን ጊዜ እንዲወስን ፈቅዶለታል፤ ጊዜውም እንደ ነገሩ ሁኔታ ተገቢ መሆን አለበት። ልስንና ሊሾ፣ ገጠማና መስመር ዝርጋታ በሦስት ቀን አይሠራም፤ ሦስት ቀን ብቻ የሰጠ ደብዳቤ ለስሙ ቀነ ገደብ አለው እንጂ፣ ዳኛው ተገቢ ነው አይለውም። በሌላ ወገን ተቋራጩ ቀድሞውኑ 70 ቀን አልፎበታልና፣ እንደ አዲስ ውል ወራት አይሰጠውም። መሐንዲሱ ሙሉ የሠራተኛ ቡድን ቢገባበት የቀረው ሥራ በ30 ቀን ያልቃል ካለ፣ ይህ ለቀነ ገደቡ የሚታመን መሠረት ይሆናል። ቃሉም እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ይህ ማስጠንቀቂያ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ሥራውን አጠናቀው እንዲያስረክቡኝ እየጠየቅሁ፣ ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ሥራ የማልቀበል መሆኔን፣ ውሉንም አፍርሼ ኪሣራዬን በክስ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ።» «አልቀበልም» የሚለው ቃል ከጎደለ፣ ደብዳቤው ማሳሰቢያ እንጂ የመጨረሻ ቀጠሮ አይሆንም፤ ይህ ቃል ሲኖር ግን ቁጥር 1787 ጊዜው ሲያልፍ ባለመብቱ ፍርድ ሳይጠብቅ ውሉን እንዲያፈርስ ይፈቅድለታል።

ተቋራጩ ለቅድሚያው ክፍያ የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ዋስትና አስይዞ ከሆነ፣ የዋስትናው ማብቂያ ቀን ከሁሉ በፊት ይታይ። ቀነ ገደቡ ከዋስትናው ማብቂያ በኋላ የሚውል ከሆነ፣ ባለመብቷ እየታገሡ ሳሉ ዋስትናው በእጃቸው ላይ ይሞታል፤ እንዲህ እንዳይሆን ወይ ቀነ ገደቡን ማሳጠር፣ ወይም ዋስትናው እንዲራዘም ወይም እንዲከፈል ለዋሱ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። በውሉ ውስጥ ክርክር በግልግል ዳኝነት ይታያል የሚል አንቀጽ ካለም፣ ደብዳቤው ፍርድ ቤትን ሳይሆን ግልግሉን መጥራት ይገባዋል።

ደብዳቤውን ከመፈረማቸው በፊት እመቤቲቱ የራሳቸውን ግዴታ ይመርምሩ። ሁለተኛው ክፍያ በሁለት ወር ዘግይቶ ተከፍሎ እንደሆነ፣ ወይም ፕላኑን ለመቀየር ሥራውን ራሳቸው አስቁመው እንደሆነ፣ ተቋራጩ ይህንኑ በመልሱ ያነሣዋል፤ የመቀጫውም ቀን በዚያው ልክ ይቀንሳል። እውነቱን አስቀድሞ ቆጥሮ፣ 70ውን ቀን ወደሚገባው ቁጥር ማውረድ ደብዳቤውን ያጠነክረዋል።

ደብዳቤው ስለ መድረሱ የሚሰጠው ማስረጃ ከይዘቱ አያንስም። ሁለት ቅጅ ይዘጋጅ፤ ተቋራጩ ወይም የድርጅቱ ወኪል በአንደኛው ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን አኑሮ ይቀበል። አልፈርምም ካለ በሪኮማንዴ በፖስታ ይላክና ደረሰኙ ይቀመጥ፤ የሚላክበትም በውሉ ላይ የተጻፈው አድራሻ እንጂ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ጎጆ አይደለም። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከደረሰበት ዕለት ስለሆነ፣ የመድረሻው ቀን ካልታወቀ የሚያልቅበትም አይታወቅም።

ማስጠንቀቂያው ሚያዝያ 15 ቀን ቢደርስ፣ ቀነ ገደቡ ግንቦት 15 ቀን ያበቃል። ብዙ ተቋራጭ በ28ኛው ቀን ሦስት ሠራተኛና ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ይዞ ይመጣል፤ እመቤቲቱም ከደስታ የተነሣ በሩን ይከፍቱለታል። ቀነ ገደቡ አላለፈምና መክፈታቸው ትክክል ነው። ግንቦት 15 ካለፈ በኋላ ግን ያለ አንዳች ቃል ሥራውን እንዲቀጥል ቢፈቅዱለት፣ «አልቀበልም» ያሉትን በራሳቸው ድርጊት የሻሩት ያስመስልባቸዋል። ሊያስጨርሱት ከፈለጉ አዲሱን ቀንና የተጠራቀመውን መቀጫ በጽሑፍ አስፈርመው ይፍቀዱ፤ ካልፈለጉ ደግሞ ግንቦት 16 ቀን፣ ውሉ የፈረሰ መሆኑን የምትገልጽ አጭር ሁለተኛ ደብዳቤ በዚያው አድራሻ ይላኩ። ክሱ ሲቀርብ ውሉ፣ የክፍያ ደረሰኞቹ፣ የመሐንዲሱ ሪፖርት ከነፎቶግራፉ፣ ሁለቱ ደብዳቤዎችና የመድረሻቸው ማስረጃ በማስረጃነት ተዘርዝረው ከአቤቱታው ጋር ይያያዛሉ።